ድምሩ ሲዋሽ፣ ድምሩ ሲደብቅ

በሰሜን እንግሊዝ፣ ከኒውካስል ከተማ አጠገብ፣ ዊካም የሚባል ወረዳ አለ። ከ1972 እስከ 1974 ባለው ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐኪሞች ከወረዳው የመራጮች መዝገብ ላይ ከየስድስቱ ሰው አንዱን እየለዩ ስለ ታይሮይድና ስለ ልብ ሕመም መረመሩ። በዚያው ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነም ጠየቁ። ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሰው የሞተውንና በሕይወት ያለውን አጣሩ።

ከሴቶቹ መካከል በምርመራው ጊዜ ያጨሱ የነበሩት ወይም ጨርሶ አጭሰው የማያውቁት 1,314 ናቸው። ቀድሞ አጭሰው ያቆሙት ከቆጠራው ወጥተዋል። ከ582 አጫሾች የሞቱት 139 ሲሆኑ ይህም ከመቶ 24 ያህል ነው። አጭሰው ከማያውቁት 732 ሴቶች ደግሞ 230 ሞተዋል፤ ከመቶ 31 መሆኑ ነው። የአጫሾቹን የመሞት ዕድል ለሌሎቹ ብናካፍለው 0.76 ይሆናል። ይህን ቁጥር እንዳለ የተቀበለ ሰው ሲጋራ የሞትን ዕድል በሩብ ያህል ይቀንሳል ብሎ ሊያወራ ነው።

ቆጠራው ላይ ስሕተት የለም። አፕልተን፣ ፍሬንች እና ቫንደርፓምፕ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን መረጃ በ1996 ለስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በሚታተም አንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ያወጡት፣ በትክክል የተቆጠረ ቁጥር እንዴት ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ እንደሚወስድ ለማሳየት ነበር። ችግሩን ለማየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ያነፃፀርነው ማንን ከማን ጋር ነው?

በዕድሜ ሲከፈል

አጭሰው ከማያውቁት 732 ሴቶች መካከል 193ቱ ምርመራው ሲጀመር 65 ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው ነበሩ፤ ከአራት አንድ በላይ ማለት ነው። ከአጫሾቹ ግን እዚያ ዕድሜ የደረሱት 49 ብቻ ናቸው፤ ከ12 አንድ ገደማ። በዚያን ጊዜ አሮጊት የነበሩት እንግሊዛውያን ያደጉት ሴት ልጅ ሲጋራ መያዝዋ ብዙም ባልተለመደበት ዘመን ነው። ወጣቶቹ ግን ሲጋራ በሴቶች ዘንድ ከተስፋፋ በኋላ የደረሱ ናቸው። ስለዚህ አጫሽን ከማያጨስ ጋር ያነፃፀርን ሲመስለን፣ በአብዛኛው ወጣትን ከአሮጊት ጋር እያነፃፀርን ነበር። በ20 ዓመት ውስጥ ደግሞ ማን የበለጠ እንደሚሞት የታወቀ ነው።

መፍትሔው ሴቶቹን በዕድሜ መክፈልና በእያንዳንዱ ምድብ ውስጥ አጫሿን ከእኩያዋ ጋር ማነፃፀር ነው። ለጊዜው ሦስት ምድብ እናድርጋቸው።

| ዕድሜ | ከአጫሾች የሞቱ | ከማያጨሱ የሞቱ | ጥምርታ |
|---|---|---|---|
| 18–44 | ከ288 ውስጥ 19 (6.6%) | ከ340 ውስጥ 13 (3.8%) | 1.73 |
| 45–64 | ከ245 ውስጥ 78 (31.8%) | ከ199 ውስጥ 52 (26.1%) | 1.22 |
| 65 እና በላይ | ከ49 ውስጥ 42 (85.7%) | ከ193 ውስጥ 165 (85.5%) | 1.00 |
| ሁሉም በአንድ | ከ582 ውስጥ 139 (23.9%) | ከ732 ውስጥ 230 (31.4%) | 0.76 |

የመጨረሻውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች እንይ። አጫሾች ያነሰ የሞቱበት ምድብ አንድም የለም። በሁለቱ ምድቦች የበለጠ ሞተዋል፤ በሦስተኛው እኩል ናቸው። የሁሉም ድምር ግን 0.76 ሆነ፤ ከሦስቱም በታች። ድምሩ እንዲህ የወረደው የማያጨሱት ወገን ከመቶ 85 የሚሞትባቸውን አሮጊቶች በብዛት ስለያዘ ነው። የዕድሜን ሥራ ለሲጋራ ሰጠነው።

በሙያው ኮንፋውንዲንግ የሚባለው ይህ ነው፤ እዚህ ማደናገር እንበለው፤ አደናጋሪውም ዕድሜ ነው። አንድ ነገር እንዲህ ለማደናገር ሦስት ጠባይ ሊኖረው ይገባል። በመጀመሪያ በሚነፃፀሩት ሁለት ወገኖች ዘንድ እኩል ያልተከፋፈለ ይሆናል፤ ዕድሜ በአጫሾችና በማያጨሱት መካከል እኩል አልነበረም። በሁለተኛ ደረጃ በራሱ ውጤቱን ያመጣል፤ ዕድሜ ሲጋራ ባይኖርም ይገድላል። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ አደናጋሪው ራሱ የምንመረምረው ነገር ውጤት መሆን የለበትም። ሲጋራ ማንንም አያስረጅም፤ ስለዚህ ዕድሜ ይህንንም ያሟላል።

ይህ ሦስተኛው ጠባይ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ሴቶቹን በዕድሜ ፈንታ በሳንባቸው ጤንነት ከፍለናቸው ቢሆን ብለን እናስብ። ሲጋራ ሳንባን ይጎዳል፤ የተጎዳ ሳንባ ደግሞ ይገድላል። ሳንባቸው የተጎዳውን ለብቻ፣ ጤነኛ የሆነውን ለብቻ አድርገን ብናነፃፅር በየምድቡ የአጫሾችና የማያጨሱት ልዩነት ይጠብባል። ሲጋራው የሚገድልበትን ዋና መንገድ በገዛ እጃችን ዘግተን «ሲጋራ ያን ያህል አይጎዳም» ልንል ነው። የሚያስቸግረው፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ይህኛውም ልክ እንደ ማደናገር መምሰሉ ነው፤ ድምሩ አንድ ነገር ይላል፣ ምድቦቹ ሌላ። ሁለቱን የሚለየው ሰንጠረዡ ሳይሆን ስለ ሳንባና ስለ ሲጋራ ያለን ዕውቀት ነው።

ምድቦቹን መልሶ አንድ ማድረግ

ማደናገሩ ከተገለጠ በኋላ ሦስቱን ጥምርታዎች ወደ አንድ መልስ መሰብሰብ ያስፈልጋል። በቀጥታ ደምሮ ለሦስት ማካፈል አይሆንም። 32 ሰው የሞተበት ምድብና 207 ሰው የሞተበት ምድብ እኩል ድምፅ ሊኖራቸው አይገባም። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ናታን ማንቴልና ዊልያም ሄንዜል በ1959 ያቀረቡት ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ በእጅም ሊሰላ ይችላል።

የመካከለኛውን ምድብ እንውሰድ። በውስጡ በጠቅላላ 444 ሴቶች አሉ። የሞቱትን 78 አጫሾች በማያጨሱት ቁጥር በ199 እናባዛና ለ444 እናካፍል፤ 35.0 ይመጣል። ከዚያ የሞቱትን 52 የማያጨሱ በአጫሾቹ ቁጥር በ245 እናባዛና ያንንም ለ444 እናካፍል፤ 28.7። በሌሎቹ ሁለት ምድቦችም ይህንኑ እናደርጋለን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ውጤቶች ሲደመሩ 78.7፣ ሁለተኛዎቹ ሲደመሩ 68.1 ይሆናሉ። አንዱን ለሌላው ስናካፍል 1.16 እናገኛለን። ዕድሜ ሲስተካከል አጫሾች በ20 ዓመቱ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ16 በመቶ ያህል ከፍ ያለ ሆነ። ከ0.76 ተነሥተን አንድን ተሻግረን እዚህ ደረስን።

አሁንም ግን አልጨረስንም። ከ45 እስከ 64 ያለው ምድብ ሰፊ ነው። የ46 ዓመቷና የ63 ዓመቷ ሴት እኩያ አይደሉም፤ በዚያ ምድብ ውስጥም አጫሾቹ ወደ ታችኛው ዕድሜ ያዘነብላሉ። ምድቡን ለሁለት ስንከፍለው ከ45 እስከ 54 ባሉት ጥምርታው 1.35፣ ከ55 እስከ 64 ባሉት ደግሞ 1.34 ይሆናል። ሁለቱ ተቀላቅለው ሳሉ ግን 1.22 ነበር። ሁለቱም ልጆች ከእናታቸው የበለጡበት ምክንያት አንድ ነው፦ ማደናገሩ በሰፊው ምድብ ውስጥ ተደብቆ ቀርቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ እንዳወጡት በሰባት የዕድሜ ምድብ ከፍለን ስናሰላ የተጠቃለለው ጥምርታ ወደ 1.21 ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ጥናት «ዕድሜን አስተካክለናል» ሲል በስንት ምድብ እንደከፈለ መጠየቅ ተገቢ ነው። «ከ50 በታችና ከ50 በላይ» ብሎ ለሁለት የከፈለ ሰው የማደናገሩን ግማሽ እንኳ ላያስወግድ ይችላል።

ክፍፍሉ ሌላ ነገር ሲያሳይ

በዊካም መክፈሉ ያገለገለው የተበላሸን ንጽጽር ለማቃናት ነበር። ንጽጽሩ ከመነሻው ትክክል የሆነበትን ጉዳይ ብንከፍልስ? የዴንጊ ክትባት ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል።

ዴንጊ ቀን ላይ በምትነድፍ ትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው። በ2013 በድሬዳዋ ወረርሽኝ ሆኖ ከታየ ወዲህ በእኛም አገር ስሙ ይታወቃል። ቫይረሱ አራት ዓይነት ነው። አንዱ የያዘው ሰው ከዚያው ዓይነት ይጠበቃል፤ ከሌሎቹ ሦስቱ ግን አይጠበቅም። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ክፉ የሚሆነው ሁለተኛው ሕመም ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሰውነት ያበጀው መከላከያ ሁለተኛውን ዓይነት በትክክል ስለማያከሽፈው ቫይረሱ ወደ ሴሎች እንዲገባ መንገድ ሊጠርግለት ይችላል።

ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዴንግቫክሲያ የተሰኘውን ክትባት ያስፈተነው በእስያና በላቲን አሜሪካ ከ30 ሺህ በሚበልጡ ልጆች ላይ ነው። ማን ክትባቱን፣ ማን ባዶውን መርፌ እንደሚወስድ የወሰነው ዕጣ ነበር። ዕጣ ሲወጣ ዕድሜም፣ ድህነትም፣ ቀድሞ መታመምም በሁለቱ ወገኖች ዘንድ ይመጣጠናል። ዊካም ላይ ያየነው ዓይነት ማደናገር እዚህ መግቢያ የለውም። የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ሲጠቃለሉም 9 ዓመት በሞላቸው ልጆች ክትባቱ ከሕመሙ ሁለት ሦስተኛውን ያህል የሚከላከል ሆኖ ተገኘ።

በሦስተኛው ዓመት ግን የሚያጠራጥር ነገር ታየ። ከ9 ዓመት በታች ከነበሩት መካከል የተከተቡት ካልተከተቡት ይልቅ በዴንጊ ሆስፒታል ይገቡ ጀመር። ክትባቱ ለ9 ዓመትና ከዚያ በላይ ብቻ እንዲፈቀድ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ፊሊፒንስ በሚያዝያ 2016 በትምህርት ቤቶች መከተብ ጀምራ ከ800 ሺህ በላይ ልጆችን አዳረሰች።

ለመሆኑ ጉዳዩ በእርግጥ ዕድሜ ነበር? ዴንጊ በበዛበት አገር ትልልቆቹ ልጆች በአብዛኛው አንድ ጊዜ ተይዘዋል፤ ትንንሾቹ ገና ናቸው። ዕድሜ የሌላ ነገር ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ልጆቹን ከመከተባቸው በፊት ዴንጊ ይዞአቸው እንደሆነ መለየት ያስፈልግ ነበር፤ ከክትባቱ በፊት ደም የተወሰደው ግን ከጥቂቶቹ ብቻ ነው። ለከተቡት ልጆች መውጫው የተገኘው ከክትባቱ አሠራር ነው። ዴንግቫክሲያ ከውጭ የዴንጊን ሽፋን ለብሶ፣ በውስጡ የቢጫ ወባ ክትባት ቫይረስን የያዘ ነው። ስለዚህ ዴንጊ በተፈጥሮ ሲይዝ የሚገኝ ኤንኤስ1 የሚባል ፕሮቲን በክትባቱ ውስጥ የለም። በዚያ ፕሮቲን ላይ የተሠራ መከላከያ በደም ውስጥ ከተገኘ ልጁን የያዘው እውነተኛው ዴንጊ ነው። ከክትባቱ መጀመሪያ አንድ ዓመት አልፎ ተወስዶ የተቀመጠውን ደም በዚህ መንገድ መርምረውና ስሌት ጨምረውበት ልጆቹን ለሁለት ከፈሏቸው።

ውጤቱ በ2018 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ታተመ። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 16 ከሆኑት ውስጥ ቀደም ሲል ዴንጊ ይዞአቸው ከነበሩት ልጆች፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በዴንጊ ሆስፒታል የገቡት ካልተከተቡት 2.47 በመቶ፣ ከተከተቡት 0.75 በመቶ ናቸው። አደጋው ወደ ሲሶ ወረደ። ዴንጊ ይዞአቸው በማያውቁት ልጆች ዘንድ ግን ካልተከተቡት 1.87 በመቶ፣ ከተከተቡት 3.06 በመቶ ሆስፒታል ገብተዋል። አደጋው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆነ። ይዞአቸው ለማያውቁት ክትባቱ እንደ መጀመሪያ ሕመም ሆኖ ሰውነታቸውን አዘጋጅቶ ይሆናል፤ በተፈጥሮ የያዛቸው የመጀመሪያው ዴንጊም ለሰውነታቸው እንደ ሁለተኛው ሆነ የሚለው ማብራሪያ ከቁጥሩ ጋር ይስማማል።

ይህ ኢፌክት ሞዲፊኬሽን ይባላል፤ የአንድ ነገር ውጤት እንደ ሰዉ ሁኔታ ሲለወጥ ማለት ነው። ለዋጩ እዚህ ቀድሞ በዴንጊ መያዝ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚቃና ስሕተት የለም። በዊካም እንዳደረግነው በማንቴልና ሄንዜል ዘዴ ወደ አንድ ብንሰበስባቸው የምናገኘው ቁጥር በምድር ላይ ላለ ለአንድም ልጅ የማይሠራ ይሆናል።

ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት አንድ ሺህ ልጆች ያሉበት ቦታ እናስብ፤ ከመቶ 80ው ቀድሞ ተይዘዋል እንበል። በነዚሁ መጠኖች ስናሰላ ማንም ባይከተብ ሆስፒታል የሚገቡት 23 ወይም 24 ናቸው፤ ሁሉም ቢከተቡ 12 ያህል። ክትባቱ ችግሩን በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ከመቶ 20ው ብቻ ቀድሞ የተያዙበትን ቦታ እናስብ። ማንም ባይከተብ 20 ያህል፣ ሁሉም ቢከተቡ 26 ልጆች ሆስፒታል ይገባሉ። ክትባቱ ያው ነው፤ ልጆቹም እንደየምድባቸው ያገኙት ጥቅምና ጉዳት ያው ነው። ድምሩን ያገለበጠው የምድቦቹ ድርሻ ነው። በመጀመሪያው ቦታም ቢሆን ግማሽ ያህል ቀነሰ የሚለው መልካም ዜና ከሥሩ ሌላ ነገር ይደብቃል፦ ተይዘው ከማያውቁት 200 ልጆች መካከል ሆስፒታል የሚገቡት ከ4 ገደማ ወደ 6 ከፍ ብለዋል።

ኩባንያው ይህን ግኝት ኅዳር 2017 መጨረሻ ላይ ሲያስታውቅ ፊሊፒንስ ክትባቱን በሳምንት ውስጥ አቆመች፤ በ2019 ደግሞ ፈቃዱን ሰረዘች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ያወጣው ምክር ክትባቱን መጠቀም የሚፈልጉ አገሮች በመጀመሪያ የልጁን ደም መርምረው ቀድሞ የተያዘውን ብቻ እንዲከትቡ የሚመርጥ ነበር። በዕድሜ የተሠራው የመጀመሪያው ክፍፍል ዕውነተኛውን ለዋጭ በከፊል ብቻ ይዞ ነበር። 9 ዓመት አልፎአቸው ገና ያልተያዙ ልጆች ስለነበሩ መስመሩ እነሱን አልጠበቃቸውም።

ሁለቱን መለየት

በሁለቱም ታሪክ የተሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ሰዎቹን በአንድ ጠባይ ከፍሎ በየምድቡ ማነፃፀር። ከዚያ በኋላ የሚታዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። ምድቦቹ እርስ በርሳቸው ተቀራርበው ከድምሩ ግን ከራቁ ማደናገር አለ፤ ድምሩ ይጣላል፣ በምድብ ተስተካክሎ የተጠቃለለው ቁጥር ይያዛል። ምድቦቹ እርስ በርሳቸው ከተራራቁ ደግሞ የውጤት መለዋወጥ አለ፤ ማጠቃለል ይቅርና እያንዳንዱ ምድብ ለብቻው ይነገራል። ሁለቱ በአንድ ጥናት ውስጥ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

ጠንቃቃ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ወደ ዊካም ሰንጠረዥ ይመለሳል። በዚያም ቢሆን 1.73፣ 1.22 እና 1.00 ተቀራርበዋል ለማለት ያስቸግራል። ታዲያ ሲጋራም እንደ ዕድሜ ጉዳቱ ይለዋወጣል እንበል? ይህን ከመመለሳችን በፊት ሁለት ነገሮችን ማጣራት ይኖርብናል።

አንደኛው አጋጣሚ ነው። ከሰባቱ ምድቦች አንዱ ከ25 እስከ 34 ዓመት የሆናቸውን የያዘ ነው። በዚያ ከ124 አጫሾች 3 ሞቱ፤ ከ157 የማያጨሱ 5። አጫሾቹ ያነሰ ሞቱ! ሲጋራ በዚያ ዕድሜ ይጠብቃል እንበል? የሞቱት በጠቅላላ 8 ሰዎች ናቸው። ከነዚህ አንዷ ሞት ከማያጨሱት ወደ አጫሾቹ ብትዛወር 4 ለ4 ሆኖ የአጫሾቹ ድርሻ ይበልጣል። አንድ ሰው የሚገለብጠው ግኝት ግኝት አይደለም። ሰዎችን በከፈልን ቁጥር በየምድቡ የሚቀሩት ይቀንሳሉ፤ ጥቂቶች ሲሆኑ ደግሞ ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ባለሙያዎች የምድቦቹ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ከሚችለው ይበልጥ እንደሆነ የሚፈትሹበት ስሌት ያላቸው ለዚህ ነው። በምን በምን እንደሚከፍሉም መረጃውን ከማየታቸው በፊት መወሰን ይጠበቅባቸዋል። ዕጣ ፈንታን በኮከብ፣ በስም፣ በመንደር እየከፈለ የሚፈልግ ሰው አንድ ቦታ ላይ የሚያስደንቅ ነገር ማግኘቱ አይቀርም።

ሁለተኛው የምንለካበት ሚዛን ነው። ከ35 እስከ 44 ካሉት ሴቶች መካከል አጫሾቹ 12.8 በመቶ፣ የማያጨሱት 5.8 በመቶ ሞቱ። ከ55 እስከ 64 ካሉት ደግሞ አጫሾቹ 44.3 በመቶ፣ የማያጨሱት 33.1 በመቶ። በማካፈል ካነፃፀርን ሲጋራ ወጣቶቹን 2.2 ጊዜ፣ ትልልቆቹን 1.34 ጊዜ ያህል ስለሚጎዳ ጉዳቱ በዕድሜ የሚቀንስ ይመስላል። በመቀነስ ካነፃፀርን ግን ከመቶ ወጣት አጫሾች 7 ያህል፣ ከመቶ ትልልቅ አጫሾች 11 ያህል ተጨማሪ ሞት ስለሚታይ ጉዳቱ በዕድሜ የሚጨምር ይመስላል። ሁለቱም ስሌቶች ልክ ናቸው። ከመነሻው የብዙዎች ሞት የሚጠበቅ ሲሆን ማካፈሉ ከፍ የሚልበት ቦታ ያጣል። 65 ባለፋቸው ከማያጨሱት እንኳ ከመቶ 85 ሞተዋል፤ አጫሾቹ አንድ ሳይቀር ቢያልቁ ጥምርታው ከ1.17 አያልፍም ነበር። 75 በሞላቸውማ በ20 ዓመት ውስጥ የሁለቱም ወገን ሴቶች 77ቱም አልቀዋል፤ ያ ምድብ ስለ ሲጋራ የሚነግረን ነገር የለም።

ስለዚህ «ውጤቱ ይለዋወጣል» ሲባል በማካፈል ነው ወይስ በመቀነስ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ስንት ሰው ማዳን ይቻላል ብሎ ለሚያቅድ የጤና ቢሮ የሚጠቅመው መቀነሱ ነው፤ ተጨማሪ የሚሞቱትን ሰዎች በቀጥታ ይነግረዋልና። የዊካምን ጥምርታዎች የሚያራርቃቸው በከፊል ይህ ሚዛን፣ በከፊልም አጋጣሚ ስለሆነ፣ ዕድሜው የተስተካከለውን 1.21 አጠቃሎ መናገር እዚያ ያስኬዳል፤ አጠገቡ ግን የየምድቡ ሰንጠረዥ መታተም አለበት።

የዴንጊው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በማካፈልም ሆነ በመቀነስ አንዱ ምድብ ይጠቀማል፣ ሌላው ይጎዳል፤ ሚዛን ቢለወጥ አቅጣጫው አይቀየርም። እንዲህ ሲሆን ማጠቃለያ ቁጥር የሚታተምበት ምክንያት አይኖርም። ስለ ዊካም ሴቶች ለሚጠይቅ ሰው በዕድሜ የተስተካከለ አንድ መልስ መስጠት ይቻላል። ልጇን ታስከትብ እንደሆነ ለምትጠይቅ እናት ግን ልጁ ከዚህ በፊት ዴንጊ ይዞት እንደሆነ ሳይታወቅ የሚሰጣት መልስ የለም።